ዶሜይንዎ በራሱ የሚታደሰው እንዴት ነው? ከመክፈልዎ በፊትስ እንዴት ይቆማል?

አቃቂ ውስጥ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ አንድ ወርክሾፕ እናስብ። የድረ ገጹ አድራሻ በአይሱዙው ጎን ላይ ተጽፏል፣ ደረሰኙ ላይም ታትሟል። ደንበኞች ዋጋ የሚጠይቁት info@ ብሎ በሚጀምረው ኢሜይል ነው። የዓመቱ ክፍያ ግን የሚቆረጠው አሜሪካ ካለ የአጎት ልጅ ካርድ ላይ ነው፤ ድረ ገጹ ሲከፈት በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው እሱ ብቻ ነበርና።

አድራሻው አንድ ይመስላል እንጂ ከጀርባው ሁለት የተለያዩ ኪራዮች አሉ። አንዱ የዶሜይን፣ ማለትም የስሙ ኪራይ ነው። ሌላው የሆስቲንግ፣ ማለትም ፋይሎቹና የኢሜይል ሳጥኖቹ የተቀመጡበት ኮምፒውተር ኪራይ ነው። ሁለቱ ከአንድ ሻጭ ቢገዙም ቀናቸው ሊለያይ ይችላል፤ አንዱን ማቆምም ሌላውን አያቆምም።

በስልክ ብናየው ዶሜይን ቁጥሩ፣ ሆስቲንግ ደግሞ ቀፎው ነው። ቀፎው ቢሰበር ሌላ ገዝተው ሲምዎን ያስገባሉ። ቁጥሩ ለሌላ ሰው ከተሰጠ ግን እርስዎን ብሎ የሚደውል ሁሉ የሚያገኘው ያንን ሰው ነው። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚመጣ ነው።

ብዙዎች ዛሬ ማቆሚያውን የሚፈልጉበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የ15 ዶላር ዶሜይን ከ860 ብር ገደማ ተነስቶ ከ1,500 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ሆስቲንጉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዶሜይኑ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

እስቲ አሁኑኑ ይሞክሩት። በስልክዎ lookup.icann.org ይክፈቱና የራስዎን ዶሜይን ያስገቡ። ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ዶሜይኑን የሸጠልዎትን ድርጅት ስምና እንዲህ ያለ መስመር ይፈልጉ፦

```
Registry Expiration: 2027-03-10 08:00:00 UTC
```

ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱም በግሪንዊች ነው። የእኛ ሰዓት ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ ይህ ዶሜይን የሚያበቃው መጋቢት 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው። የሆስቲንጉን ቀን ግን እዚህ አያገኙትም። እሱ ያለው በሻጩ አካውንት ውስጥ ነው፤ ካልሆነም ኢሜይልዎ ውስጥ Invoice ብለው ቢፈልጉ የመጨረሻው ሂሳብ ላይ ተጽፎ ያገኙታል።

አሁን ወደማይታየው ክፍል እንግባ። በ.com የሚያልቁ ስሞች ሁሉ የተመዘገቡበትን ዋና መዝገብ የሚይዘው ቬሪሳይን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ዶሜይን የሸጠልዎት ድርጅት በመካከል ያለ ነጋዴ ነው። ቀኑ ሲደርስ ዋናው መዝገብ እርስዎ ከፈሉ አልከፈሉ ሳይጠይቅ ስሙን በራሱ አንድ ዓመት ያራዝምና ሂሳቡን ከነጋዴው ላይ ይይዛል። ነጋዴው በ45 ቀን ውስጥ ስሙን ከሰረዘ ገንዘቡ ይመለስለታል።

ይህ አሠራር የተበጀው ስም በአንድ ቀን መርሳት እንዳይጠፋ ነው፤ ግን ሰውን ያሳስታል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ያንኑ ገጽ ቢከፍቱ 2028 የሚል ዓመት ሊያዩ ይችላሉ። «ታድሶልኛል» ወይም «ሳልፈቅድ ቆርጠውብኛል» ብለው አይደምድሙ። አጠገቡ autoRenewPeriod የሚል ቃል ካለ ዓመቱ የተራዘመው በዋናው መዝገብ ብቻ ሊሆን ይችላል። እርስዎ መክፈል አለመክፈልዎን የሚነግርዎት የሻጩ አካውንት ነው።

እንግዲህ ማቆሚያው እዚያ አካውንት ውስጥ ነው። ገብተው የዶሜይኖችዎን ዝርዝር ይክፈቱና ከስሙ ጎን Auto-Renew የሚለውን ያጥፉ። ማጥፋት የከፈሉበትን ጊዜ አያሳጥርም፤ ስሙ እስከ ቀኑ ድረስ የእርስዎ ነው። ስለዚህ ቀኑ እስኪቃረብ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም፤ ከፍለው በወጡበት ማግስት ማጥፋት ይቻላል።

ሆስቲንጉ ሌላ ቁልፍ አለው። በብዙ ሻጮች ገጽ ላይ Request Cancellation ይባላል፤ ሲጫኑት ሁለት ምርጫ ያቀርባል። Immediate ከመረጡ ፋይሎችዎ የከፈሉበት ጊዜ ሳያልቅ ሊሰረዙ ይችላሉ። End of Billing Period ከመረጡ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ይቆያሉ። የሚመርጡት ሁለተኛውን ነው፤ እሱንም ቢሆን ፋይሎቹንና ኢሜይሎቹን ወደ ራስዎ ኮምፒውተር ካወረዱ በኋላ።

ሦስት ነገሮች ሰውን ያሰናክላሉ። የመጀመሪያው ጊዜው ነው። ብዙ ሻጮች የሚቆርጡት በማብቂያው ቀን ሳይሆን ቀደም ብለው ነው፤ አንዳንዱ በሳምንታት ይቀድማል። ለ.com እና ለመሰሎቹ የሚሠራው ደንብ ሻጩ አንድ ወር ገደማ ሲቀር አንዴ፣ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀር ደግሞ ሌላ ጊዜ እንዲያስታውስዎት ያስገድደዋል። ሆኖም ማስታወሻው ሲደርስ ካርዱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ሁለት ወር ሲቀር ያጠፉት ቁልፍ አያሠጋም።

ሁለተኛው ካርዱ ነው። «ካርዱን ካወጣሁት አለቀ» ማለት አይበቃም። በአሜሪካና በአውሮፓ ካርድ ሲተካ አዲሱ ቁጥር በካርድ ድርጅቱ በኩል ወደ ነጋዴው የሚተላለፍበት አሠራር አለ። የአጎት ልጅ ካርድ ቀይሮም ክፍያው ሊቀጥል የሚችለው ለዚህ ነው። ደግሞም ካርድ ማውጣት ሻጩ ሂሳብ እንዳይጽፍ አያደርገውም፤ የሚከለክለው መሰረዝ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ኢሜይሉ ነው። ማስታወሻው የሚሄደው አካውንቱ ሲከፈት ወደተሰጠው አድራሻ ነው። ያ አድራሻ የአጎት ልጁ ወይም ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ከሆነ፣ አቃቂ ያለው ባለቤት ምንም አይሰማም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አድራሻው የዚያው ዶሜይን info@ ሲሆን ነው፤ ዶሜይኑ ሲቆም «ቆሟል» የሚለው መልእክትም አብሮ ይቀራል። አካውንቱን ከፍተው አድራሻውን ዛሬውኑ በየቀኑ ወደሚያዩት ኢሜይል ይቀይሩት።

ቁልፉ በእርግጥ መጥፋቱን እንዴት ያውቃሉ? ገጹን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት። ከቀኑ ጎን ያለው ቃል «ይታደሳል» ከሚለው ወደ «ያበቃል»፣ ማለትም ከRenews ወደ Expires ተቀይሮ ከሆነ ሠርቷል። የማያ ገጹን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ገንዘቡ አስቀድሞ ከተቆረጠ ደግሞ በዚያው ቀን ለሻጩ ይጻፉ። ሻጩ ራሱ ከዋናው መዝገብ ገንዘቡን የሚያስመልሰው ስሙን በመሰረዝ ስለሆነ፣ ተመላሽ ገንዘብ ካገኙ ስሙን እንደለቀቁ ይቁጠሩት።

ካልታደሰ በኋላ የሚሆነውን በእኛው አቆጣጠር እንከተለው፤ ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ሂሳቡ ቀላል ነው። መጋቢት 1 ቀኑ አለፈ። በቀናት ውስጥ ድረ ገጹ ቆሞ በምትኩ የሻጩ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ኢሜይልም መግባቱን ያቆማል። በዚህ ጊዜ አብዛኞቹ ሻጮች በተለመደው ዋጋ ያድሱልዎታል። ይህ ቢበዛ እስከ ሚያዝያ 16 ይዘልቃል፤ 45 ቀን ማለት ነው።

ቢበዛ ማለታችንን ልብ ይበሉ። ሻጩ ከዚያ በፊት ሊሰርዘው ይችላል፤ አንድ ወር ሳይሞላ ለጨረታ የሚያቀርቡም ብዙ ናቸው። ከተሰረዘ በኋላ redemptionPeriod የሚባል የ30 ቀን ጊዜ ይጀምራል፤ በእኛ ምሳሌ እስከ ግንቦት 16። ማስመለስ አሁንም ይቻላል፣ ግን ዋጋው የዓመቱን ክፍያ ብዙ እጥፍ ነው። ከዚያ pendingDelete ይመጣል፤ አምስት ቀን ማንም የማይነካው ጊዜ። ግንቦት 21 ላይ ስሙ ለማንም ክፍት ይሆናል፤ የተለቀቁ ስሞችን የሚያድኑ ፕሮግራሞች በሰከንድ ውስጥ ሊወስዱት ይችላሉ።

በ.et የሚያልቁ ስሞች፣ ለምሳሌ com.et፣ በዚህ አቆጣጠር አይመሩም። እነሱን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነውና ጊዜውንም ክፍያውንም እዚያ ይጠይቁ።

በመቆምና በመጥፋት መካከል ያለውን ርቀት የምታሳይ አንዲት ታሪክ አለች። በፈረንጆቹ 1999 የገና ዋዜማ ማይክሮሶፍት passport.com የሚለውን ስሙን ማሳደስ ረሳ፤ በዚያ ስም የሚያልፈው የሆትሜይል መግቢያም ለብዙዎች አልሠራ አለ። ማይክል ቼኒ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ችግሩን ደረሰበትና የማደሻውን 35 ዶላር ከራሱ ከፈለው፤ አገልግሎቱም ተመለሰ። ስሙ ቆሞ ነበር እንጂ ገና ለሌላ አልተላለፈም ነበርና ሂሳቡን ማንም ይክፈለው ማን በቂ ነበር።

ከተላለፈ በኋላ ግን ትልቁ ጉዳት ድረ ገጹ አይደለም፤ እሱ እንደገና ይሠራል። ጉዳቱ ኢሜይሉ ነው። አዲሱ ባለቤት በዚያ ስም የሚላከውን ደብዳቤ ሁሉ ወደ ራሱ ሳጥን ማስገባት ይችላል። የደንበኛ ትእዛዝ፣ የአቅራቢ ሂሳብ፣ ሁሉም ለእሱ ይደርሰዋል። በinfo@ የከፈቱት የፌስቡክ ገጽ ካለ «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ብሎ ይጫናል፤ መክፈቻው ለእሱ ይላክለታል። ምንም ነገር ሰብሮ መግባት አያስፈልገውም።

ስለዚህ የመጨረሻውን ሙከራ ይሥሩ። በዚያ ኢሜይል የከፈቷቸውን አካውንቶች በወረቀት ላይ ይዘርዝሩ፦ ፌስቡክ፣ ጉግል ማፕ ላይ ያለው የድርጅቱ ቦታ፣ የባንክ መልእክት፣ የታክስ አካውንት። እያንዳንዱን ወደ ሌላ ኢሜይል ያዛውሩ። ከዚያ ሆስቲንጉን ያቁሙ፤ ትልቁ ወጪ የሚቀነሰው እዚያ ነው። ዶሜይኑን ብቻውን አንድ ዓመት ያቆዩትና የሚገባው ደብዳቤ በነጻ ወይም በርካሽ ወደ አዲሱ ኢሜይልዎ እንዲዞር ሻጩን ይጠይቁ። አሁንም ደንበኛ በዚያ እየጻፈ ከሆነ ስሙ ዋጋውን እያወጣ ነውና ያድሱት። ዓመቱን ሙሉ ከማስታወቂያ በቀር ምንም ካልገባ ግን Auto-Renew ጠፍቶ ይቆይ፤ ስሙን ያለ ስጋት መልቀቅ ይችላሉ።