አንድ በር ለክቶ የቤቱን ስፋት ማወቅ

ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሊገዛ ነው እንበል። ቤቱን የምታይለት እህቱ ናት። ደላላው የፕላኑን ፎቶኮፒ በአንድ የኤፎር ወረቀት ሰጥቷታል። ግድግዳው፣ በሩና መስኮቱ በደንብ ይታያል፤ ስኬሉ የተጻፈበት የታችኛው ጠርዝ ግን ኮፒ ሲደረግ ተቆርጧል፤ የልኬት ቁጥሮቹም ደብዝዘው አይነበቡም። ቤቱ ውስጥ ተከራይ ስላለ ገብታ ክፍል በክፍል መለካት አልቻለችም። የቻለችው ግቢ ገብታ የዋናውን በር ወርድ በሜትር መለካት ብቻ ነው። ደላላው ደግሞ፣ «ሳሎኑ ብቻ ሃያ አምስት ካሬ ነው» ይላል። እውነቱን ነው?

ያቺ አንዲት በር መልሱን ትሰጣለች። በፕላን ላይ ያለ ነገር ሁሉ ያነሰው በአንድ መጠን ነው፤ በሩ መቶ ጊዜ ካነሰ ሳሎኑም መቶ ጊዜ አንሷል። ስለዚህ ሳሎኑ በወረቀቱ ላይ የበሩን ስንት እጥፍ እንደሚሆን ካወቅን፣ መሬት ላይም ያንኑ ያህል እጥፍ ነው። ስኬል የሚባለውን ቁጥር ማወቅ እንኳ የግድ አይደለም። ከጋዜጣ ጠርዝ ቀጭን ቁራጭ ቀድዶ፣ ፕላኑ ላይ ካለው የበር ክፍተት ጋር አስተካክሎ ሁለት ምልክት ማድረግ ይበቃል። ከዚያ ቁራጩን በሳሎኑ ግድግዳ ላይ እያነሱ ማስቀመጥ ነው። እህት ይህን ስታደርግ ሳሎኑ በርዝመቱ አምስት በር፣ በወርዱ አራት በር ወጣ። የበሩ ክፍተት መሬት ላይ 1 ሜትር ስለሆነ ሳሎኑ 5 ሜትር በ4 ሜትር፣ ማለትም 20 ካሬ ሜትር ነው።

በማስመሪያም ውጤቱ ያው ነው። የበሩ ክፍተት በወረቀቱ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ነው። መሬት ላይ 1,000 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ 1,000 ለ7 ሲካፈል 143 ገደማ ይሰጣል። ስኬሉ 1:143 አካባቢ ነው ማለት ነው። ሳሎኑ በወረቀት 35 ሚሊ ሜትር በ28 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱንም በ143 ሲያባዙ ያው 5 በ4 ይመጣል።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ሰው የሚሳሳተው ማካፈሉ ላይ ሳይሆን «የበሩ ወርድ» ሲባል የትኛው ወርድ እንደሆነ ሳያጣራ ሲቀር ነው። በር ቢያንስ ሁለት ወርድ አለው። አንደኛው የመዝጊያው፣ የሚከፈተውና የሚዘጋው የሳንቃው ወርድ ነው። ሁለተኛው መቃኑን ጨምሮ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለው ክፍተት ነው። በዚህ ቤት መዝጊያው 90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መቃኑ በግራና በቀኝ አምስት አምስት ሴንቲ ይይዛል፤ ክፍተቱ በድምሩ 100 ይሆናል። ሜትር የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ዓይኑ ላይ የመጣለትን መዝጊያውን ነው። ፕላን ላይ ማስመሪያ ሲያስቀምጥ ደግሞ የሚለካው በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። እህት 90 ሴንቲ ሜትሩን ይዛ ለ7 ሚሊ ሜትር ብታካፍል ኖሮ 129 ታገኝ ነበር። ሳሎኑ 4.5 በ3.6፣ ማለትም 16.2 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከ20 ካሬው ወደ አራት የሚጠጋ ካሬ በመቃኑ ምክንያት ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ፕላኑ ላይ ክፍተቱን ከለካችሁ ቤቱም ላይ ክፍተቱን ለኩ። ፕላኑ መዝጊያውን በመስመር፣ አከፋፈቱን ደግሞ በሩብ ክብ ያሳያል፤ መዝጊያውን ከመዝጊያው ጋር ማነጻጸርም ይቻላል። ግን በትናንሽ ፕላኖች ላይ መቃኑ ስለማይሣል ያ መስመር ክፍተቱን በሙሉ ይሞላዋል፤ ስለዚህ እኔ ክፍተቱን እመርጣለሁ።

ገና ያልተጠናቀቀ ሕንፃ ከሆነ በሩ ራሱ የለም፤ ያለው ግንበኛው የተወው ክፍት ቦታ ነው። እሱም ያገለግላል፤ ነገር ግን «የ90 በር ይገባበታል» ብሎ 90 መጻፍ ያንኑ ስሕተት መድገም ነው።

ሌላው ችግር የበሩ ትንሽነት ነው። ሰባት ሚሊ ሜትር በተራ ማስመሪያ ሲለካ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወዲያ ወዲህ ማለቱ አይቀርም፤ የመስመሩ ውፍረት ራሱ ይህን ያህል ሊሆን ይችላል። ክፍተቱ 6.5 ከሆነ ስኬሉ 1:154፣ 7.5 ከሆነ 1:133 ነው። በርዝመት ላይ ይህ ሰባት ስምንት በመቶ ነው፤ ብዙም አይመስልም። በስፋት ላይ ግን ርዝመቱም ወርዱም አብረው ስለሚሳሳቱ እጥፍ ይሆናል። የሳሎኑ ስፋት በአንዱ 23.2፣ በሌላው 17.4 ካሬ ሜትር ይመጣል።

ለደላላው የሚሆን መልስ ግን እዚሁ ላይ ተገኝቷል። ማስመሪያው ለእሱ በሚመች በኩል ቢሳሳት እንኳ ሳሎኑ ከ23 ካሬ ብዙም አያልፍም፤ 25 አይደርስም። ምናልባት ደላላው በረንዳውን ቆጥሮ ይሆናል፤ ወይም የግድግዳውን ውፍረት አስገብቶ ይሆናል፤ ወይም ዝም ብሎ ገምቶ ይሆናል። «ካሬው ምን ምንን ይጨምራል?» ተብሎ መጠየቅ ያለበት ነው።

ከ17 እስከ 23 የሚለው ልዩነት ዋጋ ለመደራደር ይሰፋል። የሚያጠብበት መንገድ በሩን ደግሞ ደጋግሞ መለካት አይደለም፤ በበሩ የተገኘውን ቁጥር እንደ መነሻ ይዞ ረጅም ነገር መፈለግ ነው። እህት ግቢ ውስጥ እስካለች ድረስ የቤቱን የፊት ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ መለካት ትችላለች። በወረቀቱ ላይ 85 ሚሊ ሜትር ነው፤ በበሩ ስኬል 12 ሜትር ከ14 ሴንቲ መሆን አለበት። ሜትሩ ግን ልክ 12 ሜትር አነበበ። 12,000 ለ85 ሲካፈል 141 ነው። እዚህ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር መሳሳት ከአንድ በመቶም ያነሰ ለውጥ ነው የሚያመጣው። በዚህ ስኬል ሳሎኑ 4.94 በ3.95፣ ማለትም 19.5 ካሬ ሜትር ገደማ ነው።

ቁጥሩ 141 መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም። ፕላን የሚሠራ ባለሙያ 1:141 ብሎ አይሥልም፤ የተለመዱት 1:50፣ 1:100፣ 1:200 ናቸው። ነገር ግን በኤስሪ ወረቀት ላይ በ1:100 የተሠራ ፕላን በፎቶኮፒ ወደ ኤፎር ሲቀነስ እያንዳንዱ ርዝመት ወደ 71 በመቶ ይወርዳል፤ ስኬሉም 1:141 ይሆናል። ከኤዋን ወደ ኤስሪ ከሆነ ደግሞ በትክክል በግማሽ ስለሚቀነስ 1:100 የነበረው 1:200 ይሆናል። ስለዚህ ከበሩ ያገኘነው 143 ለ141 መቅረቡ ወረቀቱ ከየት እንደመጣ ይነግረናል። ጠርዙ ባይቆረጥና «1:100» የሚለው ጽሑፍ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ይብስ ነበር፤ ፎቶኮፒ ሥዕሉን ያሳንሳል እንጂ የተጻፈውን ቁጥር አያርምም። የተጻፈ ስኬል ባለበትም ፕላን ላይ በሩን መለካት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

እስካሁን ወረቀቱ በእጃችን እንዳለ አድርገን ነው ያየነው። ወንድምየው ጋ የሚደርሰው ግን በስልክ የተነሣ ፎቶ ነው። ፎቶው ከላይ ቀጥ ብሎ ካልተነሣ በስተቀር ለካሜራው የቀረበው ጎን ይገዝፋል፣ የራቀው ያንሳል፤ ያኔ በሥዕሉ ላይ አንድ ወጥ ስኬል የለም። ይህን ማወቅ ቀላል ነው፤ የወረቀቱ አራት ጠርዞች በፎቶው ውስጥ ካሉ፣ ትይዩ የሆኑት ጠርዞች እኩል ካልሆኑ ተዛብቷል። ፎቶው ቀጥ ያለ ቢሆንም በአንድ በኩል ብቻ የተለጠጠ ሊሆን ይችላል። ያኔ በአግድም ግድግዳ ላይ ያለ በርና በቁም ግድግዳ ላይ ያለ ተመሳሳይ በር ማነጻጸር ነው፤ ሁለት የመኝታ ቤት በሮች አንዱ በአግድም 54፣ ሌላው በቁም 61 ነጥብ ከሆኑ ሥዕሉ ተስቧል። ለአግድሙና ለቁሙ ለየብቻ ስኬል ማውጣት ወይም ወረቀቱ ተስተካክሎ እንደገና እንዲነሣ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ ሁለተኛውን እመክራለሁ።

አንዳንድ ፕላን ደግሞ በሩ ራሱ ሐሰት ነው። ለማስታወቂያ የሚታተሙ ሥዕሎች ላይ ሣዩ አንድ የበር ምልክት ይዞ በየቦታው ይለጥፈዋል፤ የመታጠቢያ ቤቱም የዋናውም በር እኩል ይሆናል። በእውነተኛ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የዋናው በር ሰፊ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ጠባብ ነው። ሁሉም እኩል ከሆኑ በበሩ ላይ አትተማመኑ። አልጋና ሶፋ ከተሣለበትም አትታለሉ፤ ክፍሉ ሰፊ እንዲመስል የቤት ዕቃ አሳንሶ መሣል የታወቀ ዘዴ ነው። በበሩ ስኬል ሲሰላ ባለሁለት ሰው አልጋ 1 ሜትር ከ60 ርዝመት ከወጣ አንዱ ይዋሻል። ደረጃ ካለ እሱን ተመልከቱ፤ የአንድ ደረጃ መርገጫ ብዙውን ጊዜ ከ28 እስከ 30 ሴንቲ ነው፣ አሥሩ መርገጫዎች ተሰልፈው ሦስት ሜትር ገደማ ካልሆኑ በሩ ላይ ችግር አለ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የተገኘው የፕላኑ ልክ እንጂ የቤቱ ልክ አይደለም። ሲሠራ ግድግዳ ተገፍቶ፣ ሁለት ክፍል አንድ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ወንድምየው 19.5 ካሬውን ይዞ ዋጋ ሊከራከር፣ ሶፋው ይገባል ወይስ አይገባም ብሎ ሊያስብበት ይችላል። የኪችን ካቢኔት ወይም የቁም ሣጥን የሚያዝ ከሆነ ግን ተከራዩ እስኪወጣ ይጠብቅና አናጺው ራሱ ገብቶ ይለካ።