ዝም ያለው ባክአፕ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ማታ፣ ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ ባለሙያ ሌላ ችግር ሲፈታ ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት አጠፋው። ሰው ይሳሳታል፤ ባክአፕ የሚያዘውም ለዚሁ ነው። ኩባንያው በየ24 ሰዓቱ ራሱን ችሎ የሚሠራ ባክአፕ ነበረው። ማከማቻው ሲከፈት ግን ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ቅጂውን የሚያወጣው pg_dump የተባለ ፕሮግራም ስሪቱ 9.2፣ ዳታቤዙ ግን 9.6 ስለነበር ሥራው ገና ከጅምሩ ይከሽፍ ነበር። ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስነሳው ክሮንም ስህተቱን በኢሜይል ያሳውቅ ነበር። ነገር ግን ኢሜይሎቹ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ፊርማ ስላልነበራቸው ተቀባዩ ሰርቨር ሳያስገባ መለሳቸው። ኢሜይል ካልመጣ ደግሞ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ኩባንያውን ያተረፈው አንድ ባለሙያ ለሌላ ሥራ ብሎ ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት በእጁ ያነሳው ቅጂ ነው። በመካከል የገባው መረጃ ግን ቀረ።

የዚህ አሠራር ድክመት ግልጽ ነው፤ «ወድቄአለሁ» ብሎ እንዲናገር የሚጠበቀው የወደቀው ራሱ ነው። ሰርቨሩ ጠፍቶ ወይም ክሮን ቆሞ ሥራው ጭራሽ ካልተነሳማ የሚናገርም የለም። ስለዚህ ነገሩን መገልበጥ ነው፦ ሥራው ሲሳካ ብቻ «ጨርሻለሁ» ይበል፤ ሌላ ቦታ ያለ ተቆጣጣሪ ደግሞ መልእክቱ በሰዓቱ ካልደረሰው ይጩህ።

```
0 2 * * * /opt/backup.sh && curl -fsS https://monitor.example/backup
```

ይህ መስመር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ባክአፑን ያስነሳል። ቁልፉ && ነው፤ የፊተኛው ካልተሳካ የኋለኛው አይነካም። ባክአፑ አብዛኛውን ጊዜ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ተቆጣጣሪው እስከ 8፡45 ቢታገሥ ይበቃል። ከዚያ ካነሰ ሥራው ትንሽ በዘገየ ቁጥር ስልክ ይጮሃል፤ ሰውም ተሰላችቶ ድምፁን ያጠፋዋል። ሰርቨሩ በየትኛው አገር ሰዓት እንደሚሄድም አስቀድሞ ማየት ነው። በግሪኒች ሰዓት ከሆነ ይኸው መስመር አዲስ አበባ ላይ የሚነሳው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው።

«ተሳካ» የሚለው ቃልም ሊዋሽ ይችላል። ብዙ ስክሪፕቶች ውስጥ ይህን የመሰለ መስመር አለ፦

```
pg_dump shop | gzip > shop.gz
```

pg_dump ቢከሽፍም gzip ምንም ያልገባለትን ባዶ ነገር በደስታ ይጨምቅና «ተሳክቷል» ይላል። የሚተርፈው 20 ባይት የሆነ ፋይል ነው። ከስክሪፕቱ አናት set -e -o pipefail ብሎ መጻፍ ይህንን ይዘጋል፤ ያም ሆኖ መልእክቱ ከመላኩ በፊት የፋይሉን መጠን ከትናንቱ ጋር ማስተያየት አይከፋም።

ተቆጣጣሪው ራሱ እዚያው ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ አብሮ ይጠፋል። መሥራቱን ለማወቅም አንድ ሌሊት የክሮኑን መስመር ፊት ላይ # አድርጎ ማስቆምና 8፡45 ሲሆን ስልኩ መጥራቱን፣ የማን ስልክ እንደሆነም ጭምር ማየት ያስፈልጋል። ከመሥሪያ ቤቱ ከለቀቀ የቆየ ሰው ዘንድ የሚጠራበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።