አምስት ሰዎች፣ አንድ ትዝታ

አንድ ዘፋኝ፣ ድራም፣ ቤዝ ጊታር፣ ኪቦርድና ሳክስፎን ያሉት ባንድ ዘገም ያለ የትዝታ ዜማ ሊያቀናብር ነው እንበል። አቀናባሪው መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ያሰምራል። ከላይ የዘፈኑን ክፍሎች፣ ከጎን መሣሪያዎቹን ይጽፋል፤ ከዚያም ማን የት እንደሚገባ ምልክት ያደርጋል።

መግቢያውን ኪቦርድ ብቻውን ይይዛል፤ ሳክስፎኑ የአዝማቹን ዜማ በለስላሳው ያስተዋውቃል። ዘፋኙ ሲጀምር ሳክስፎኑ ዝም ይላል፣ ቤዙ ይገባል፣ ድራመሩ ሳህኑን ብቻ በቀስታ ይመታል። አዝማቹ ላይ ሙሉ ድራሙ ይነሣል። ሳክስፎኑም ይመለሳል፤ ግን ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ በሚተነፍስበት ክፍተት ብቻ ይመልሳል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። ሁለተኛው የግጥም ክፍል ሲመጣ ሁሉም መጫወቱን ይቀጥላል፤ ቀጣዩ አዝማች የሚያድግበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ እዚህ ላይ ኪቦርዱ ይወጣል፤ ዘፋኙ በቤዝና በድራም ብቻ ይታጀባል። ኪቦርዱ ከአዝማቹ ጋር ሲመለስ፣ ድምፁን ማንም ሳይጨምር ዘፈኑ የሰፋ ይመስላል።

ሌላው ችግር የኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጅ ነው። ወፍራሞቹን ድምፆች ሲነካ ከቤዙ ጋር ይጋጫል፤ ሁለቱም ደብዝዘው እንደ ጉምጉምታ ይሰማሉ። ይህን ለመለየት ልምምዱን በስልክ ቀድቶ ማዳመጥ ይበቃል። የቤዙ ዜማ ተለይቶ የማይሰማ ከሆነ፣ ግራ እጁ ወደ ላይ ከፍ ይላል ወይም ያርፋል። የዘፋኙ ቃል ካልተለየ ደግሞ በዚያች ሰዓት ከድምፁ እኩል ከፍታ ላይ የሚጫወተው መሣሪያ ይፈለጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ክፍተቱን ያልጠበቀው ሳክስፎን ነው።