ንጉሥ አባቱን ሲቆጥር

በመርጡለ ማርያምና በአካባቢዋ ያላችሁ፣ ፊደል ቆጥራችሁ ንባብ የጀመራችሁ ወገኖች፣ ይህን ንግግር ዛሬ በጆሯችሁ ስሙት፤ ነገ ደግሞ በወረቀት ታትሞ ስታገኙት ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

የዛሬው ነገራችን የድሮ ነገሥታት «እኛ የንጉሥ ሰሎሞን ዘር ነን» ይሉት ስለነበረው ነገር ነው። ይህ አባባል ከየት መጣ? ማንን ጠቀመ? ቤተ ክርስቲያንስ ምን ድርሻ ነበራት? እስቲ እንየው።

የጐጃም ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። ርስትን ያውቃልና። በድሮው የርስት ሥርዓት አንድ ሰው መሬት ሲጠይቅ አባቱን ይቆጥር ነበር። «እኔ የእገሌ ልጅ፣ እሱ የእገሌ ልጅ» እያለ ወደ ላይ ይወጣል። በእናቱም በኩል መቁጠር ይችላል። መጨረሻ ላይ መሬቱን መጀመሪያ የያዘው ዋና አባት ዘንድ ይደርሳል። ቆጠራው ከተቀበሉለት ድርሻ ያገኛል። ካልተቀበሉለት «ዘር የለህም» ተብሎ ይመለሳል። ታዲያ ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ ጉልበትና ዘመድ ያለው ሰው ቆጠራው ቶሎ ይቃናለታል። ደካማው ግን እውነተኛ ልጅ ሆኖ ሳለ ምስክር ያጣል።

የነገሥታቱም ክርክር ይኸው ነው። መንግሥት ርስት ነው፤ ዋናው አባት ሰሎሞን ነው፤ ቆጥሮ እሱ ዘንድ የማይደርስ ዙፋን አይገባውም። ልዩነቱ የሚከራከሩበት መሬት አገሪቱ በሙሉ መሆኗ ነው።

ታሪኩን የያዘው መጽሐፍ «ክብረ ነገሥት» ይባላል። የተጻፈው በግዕዝ ነው። መጽሐፉ እንደሚለው ንግሥት ማክዳ የሰሎሞንን ጥበብ ከነጋዴዋ ከታምሪን ሰምታ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደች። ከሰሎሞን ፀንሳ ተመለሰችና ወንድ ልጅ ወለደች። ይህ ልጅ ኋላ ቀዳማዊ ምኒልክ የተባለው ነው። አድጎ አባቱን ሊያይ ሄደ። ሲመለስ ሰሎሞን የመኳንንቱንና የካህናቱን የበኵር ልጆች አብረውት እንዲሄዱ አዘዘ። ከነሱ መካከል የሊቀ ካህናቱ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስ ነበር። እነዚህ ልጆች ታቦተ ጽዮንን በስውር ይዘው ወጡ። ምኒልክ ነገሩን የሰማው መንገድ ከጀመሩ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከኢየሩሳሌም የመጣው ንጉሥ ብቻ አይደለም። ካህንም አብሮ መጥቷል፤ ታቦትም መጥቷል። ስለዚህ ታሪኩ ለሁለት ወገን ርስት ይሰጣል። ለንጉሡ ዙፋኑን፣ ለካህናቱ ደግሞ ክህነቱንና ታቦቱን።

መጽሐፍ ቅዱስ ያለው ሰው ነገሩን ራሱ ማመሳከር ይችላል። አንደኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 10ን ገልጣችሁ አንብቡ። ንግሥቲቱ ሰሎሞንን ልትጠይቅ መምጣቷን፣ ስጦታ መለዋወጣቸውን፣ ወደ አገሯ መመለሷን ታገኛላችሁ። ልጅ ወለደች የሚል ግን የለም። የልጁ ነገር የሚገኘው በክብረ ነገሥትና በኛ አገር ትውፊት ነው።

አሁን ወደ ዘመኑ እንምጣ። ከዚህ በታች የምንጠራቸው የጥንት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከ1270 በፊት አገሪቱን ይገዙ የነበሩት የላስታ ነገሥታት፣ ዛጔዎች ናቸው። ላሊበላ ከነሱ አንዱ ነው። በ1270 ይኩኖ አምላክ የሚባል የአምሐራ ሰው ጦር ይዞ ተነሣና የመጨረሻውን የዛጔ ንጉሥ አሸንፎ ነገሠ። ስለዚህ ዙፋኑን ያገኘው በጦርነት ነው። ነገር ግን ጦር ያሸነፈ ሰው ሁሌም አንድ ሥጋት አለበት። ነገ ሌላ ባለ ጦር ይመጣል። «እኔ ኃይለኛ ስለሆንኩ ነገሥኩ» ካለ፣ ከሱ የበለጠ ኃይለኛ ሲመጣ ምን ይመልሳል? «የአባቴን ርስት አስመለስኩ» ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ወራሪው እሱ ሳይሆን ዛጔው ይሆናል።

እንዲህም ተባለ። ይኩኖ አምላክ የአክሱም የመጨረሻ ንጉሥ ነው ከሚባለው ከድልናዖድ ይወለዳል፣ ድልናዖድም ከምኒልክ ይወለዳል ተባለ። ክብረ ነገሥትም በግዕዝ የተዘጋጀው ከ1314 እስከ 1322 ባለው ጊዜ፣ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ነው። ያዘጋጀው የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ ከጓደኞቹ ጋር ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ከዐረብኛ እንደተረጐሙት ይናገራሉ። በዛጔ ዘመን ለምን አልተተረጐመም ለሚል ሰውም መልስ ያስቀምጣሉ፤ የዛጔ ነገሥታት ከእስራኤል ወገን ስላልነበሩ ነው ይላሉ። እንግዲህ ቀኑን አስተያዩት። ድሉ በ1270፣ መጽሐፉ ወደ 50 ዓመት ገደማ ቆይቶ። መሬቱ መጀመሪያ ተያዘ፤ ቆጠራው በጽሑፍ የጸናው በኋላ ነው። ታሪኩ ራሱ በቃል ከዚያ በፊት ይነገር የነበረ ሊሆን ይችላል። የንጉሥ ቤት ማስረጃ የሆነው ግን ያን ጊዜ ነው።

ቆጠራውንስ እንዴት እንመርምረው? ከሰሎሞን እስከ ይኩኖ አምላክ 2,200 ዓመት ያህል አለ። ለአንድ ትውልድ 30 ዓመት ብንይዝ ከ70 በላይ አባቶች መቆጠር አለባቸው። በርስት ክርክር አሥር አባት የቆጠረ ሰው ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት ታውቃላችሁ። የነገሥታቱ ስም ዝርዝር በየገዳሙ አለ፤ ግን አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ዛጔዎች የገዙበትን ዘመን አንዱ ዝርዝር 133 ዓመት ይለዋል፣ ሌላው ከ300 በላይ ያደርሰዋል። ዘመኑ እንዲህ ከተለያየ በመካከል ያሉት አባቶች ቆጠራም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። ሌላም ምስክር አለ። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው የአክሱም ንጉሥ ኢዛና ክርስቲያን ከመሆኑ በፊት ባስጻፋቸው ድንጋዮች ላይ ራሱን የማሕረም ልጅ ይላል። ማሕረም የጥንት አምላካቸው ነው። በዚያ ድንጋይ ላይ ሰሎሞን አልተጠራም።

ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ነገር ምን አገኘች? በአንድ ወገን ክብር አገኘች። በየቤተ ክርስቲያኑ ያለው ታቦት ከጽዮን ታቦት ጋር ተያይዞ ታየ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ጳጳሱ ከግብፅ ነበር የሚመጣው፤ ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ የተሾመው በእኛ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ነው። ጳጳስ ከውጭ የምትቀበል ቤተ ክርስቲያን «ታቦቱ ግን ከኛ ዘንድ ነው» ማለት መቻሏ ትልቅ መተማመኛ ነበር።

በሌላ ወገን መሬት አገኘች። ጉልት ማለት ንጉሡ የአንድን አገር ግብር የመብላት መብት ለሰው ወይም ለገዳም ሲሰጥ ነው። የሚያርሰው ባለ ርስቱ ነው፤ ግብሩን የሚበላው ግን ባለ ጉልቱ ነው። ይኩኖ አምላክ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ምክር የአገሩን ሲሶ፣ ማለት ከሦስት አንዱን፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ የሚል ትውፊት አለ። ይህን የሚናገሩት ጽሑፎች ከይኩኖ አምላክ ዘመን በጣም ዘግይተው የተጻፉ ናቸው። ደግሞም የሐይቅ እስጢፋኖስ ሰዎች ይኩኖ አምላክን ለንግሥና የረዳው የኛው አባት ኢየሱስ ሞአ ነው ይላሉ። ደብረ ሊባኖስ ተክለ ሃይማኖት ነው ይላል። ሁለቱ ገዳማት ለምን እንደሚሻሙበት ግልጽ ነው። ንጉሥን ያነገሠ ገዳም ውለታ አለው፤ ውለታው ደግሞ ጉልትና ሹመት ነው። የመንግሥቱ ቆጠራ ከተናደ የገዳሙም ጉልት ይናጋል። ስለዚህ ካህኑ የንጉሡን ዘር ይጠብቃል፣ ንጉሡም የካህኑን ጉልት ይጠብቃል። ግብሩን የሚያወጣው ገበሬ በዚህ ውል ውስጥ ቃሉን አልተጠየቀም።

የመርጡለ ማርያም ሰው የዚህን ማስረጃ ከደጁ ያያል። «መርጡል» በግዕዝ ድንኳን፣ አዳራሽ ማለት ነው። የገዳሟ ትውፊት ቦታዋን ከአክሱም፣ ከጣና ቂርቆስና ከተድባበ ማርያም ጋር በዘመነ ኦሪት መሥዋዕት ይሠዋባቸው ከነበሩት ትቈጥራታለች። ያ ማለት መርጡለ ማርያምም በበኩሏ አባቷን ትቆጥራለች፤ ቆጠራዋም ኢየሩሳሌም ትደርሳለች። ዛሬ ፍራሹ የሚታየውን ባለ ቅርጽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ያሠራችው ግን ንግሥት እሌኒ ናት። ያ ሕንፃ በግራኝ ዘመን ጦርነት ፈረሰ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ የካቶሊክ መነኮሳት በፍራሹ ላይ ደግመው ሠርተዋል።

የእሌኒ ነገር በጣም ይደንቃል። አባቷ የሐድያ ገዥ፣ እስላም ነበር። ከሰሎሞን ዘር አይደለችም፤ ማንም ናት አላለም። ወደ ቤተ መንግሥት የገባችው በጋብቻ ነው። በ1508 ዐፄ ናዖድ ሲሞት ግን ከንጉሡ ልጆች ማን ይንገሥ የሚለውን ከወሰኑት ዋናዋ እሷ ነበረች። የተመረጠው ልብነ ድንግል ገና ልጅ ስለነበር አገሪቱን ለዓመታት በእንደራሴነት ያስተዳደረችው እሷ ናት። እንግዲህ ዘሩ የሚያስፈልገው ለሚነግሠው ነው። ማን እንደሚነግሥ የሚወስነው ሰው ግን ዘር ላይኖረው ይችላል።

ምርጫ ለምን አስፈለገ ትሉ ይሆናል። ዘሩ ስለበዛ ነው። እንደ ርስቱ ሁሉ፣ ወራሽ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይበዛል። ንጉሥ ብዙ ሚስት ያገባል፣ ብዙ ልጅ ይወልዳል፤ ሁሉም ቆጥረው ሰሎሞን ዘንድ ይደርሳሉ። ስለዚህ ከነገሠው በቀር ወንዶቹን የንጉሥ ልጆች በወሎ በአምባ ግሸን ላይ አስቀምጠው በዘብ ያስጠብቋቸው ነበር። ብዙዎቹ እዚያው ተወልደው እዚያው ሞቱ። ዘራቸው ያተረፈላቸው እስር ቤት ነው። ንጉሥ ሲሞት ደግሞ ከተራራው አንዱን ያወርዱና ያነግሡታል።

በአክሱም የሚደረገውም ሥርዓት ይህንኑ ቆጠራ በአደባባይ ያሳይ ነበር። በ1608 ሱስንዮስ ዘውድ ሲጭን የጽዮን ደናግል የተባሉ ሴቶች ገመድ ወጥረው መንገድ ዘጉበት። ማን እንደሆነ ጠየቁት። የጽዮን ንጉሥ ነኝ ብሎ በሰይፉ ገመዱን ቆርጦ አለፈ። ሱስንዮስ ከዚያ በፊት ዓመታት ሙሉ ተዋግቶ ተቀናቃኞቹን ያሸነፈ ሰው ነው። ገመዱ በእውነት ሊያስቆመው አይችልም ነበር።

ይህ ቆጠራ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሕግ ነበር። በ1923 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1948 ዓ.ም. በወጡት ሕገ መንግሥቶች ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ የመጣ ነው ተብሎ ተጽፏል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ የሚል ዐዋጅ ወጣ፤ ርስትም ጉልትም ቀረ። በአንድ ዓመት ውስጥ ንጉሡም ገበሬውም አባት ቆጥሮ መጠየቁን አቆመ።