«የአንዱ ዋጋ» ውስጥ የተደበቀው ወጪ

ደሴ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም እድር አንድ ነገር ማሳተም ሲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ማተሚያ ቤቶች ፕሮፎርማ ያሰባስባል። ፕሮፎርማው ላይ የዕቃው ዓይነት፣ መለኪያ፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ እና ጠቅላላ ዋጋ የሚሉ ዓምዶች አሉ። ቅጹ ለወንበር ወይም ለብርድ ልብስ ግዢ የሚያስቸግር ነገር የለውም። ከሱቅ የተገዛ አሥረኛ ወንበር ከመጀመሪያው የሚለይበት ምክንያት የለምና። ህትመት ግን የመጀመሪያው ቅጂ ከመውጣቱ በፊት ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ሥራ ነው። ያ ወጪ በቅጹ ላይ የራሱ ዓምድ ስለሌለው ማተሚያ ቤቱ በታዘዘው ብዛት ያካፍለውና «የአንዱ ዋጋ» ውስጥ ያስገባዋል። በዚህም ምክንያት የአንድ ቅጂ ዋጋ የማተሚያ ቤቱን ውድነት ወይም ርካሽነት ብቻውን አይናገርም፤ የሚናገረው ማተሚያ ቤቱንና የታዘዘውን ብዛት አንድ ላይ ነው። ብዛታቸው የተለያየ ሁለት ፕሮፎርማዎችን በዚያ ዓምድ ማወዳደርም ወደ ስህተት ይመራል።

ነገሩ በአንድ ምሳሌ ይታይ። አንድ የደሴ እድር መተዳደሪያ ደንቡን ለ400 አባላቱ አሳትሞ ማደል ይፈልጋል እንበል። መጽሐፏ በኤ5 መጠን 32 ገጽ ናት፤ ውስጧ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ ሽፋኗ በሙሉ ቀለም ይታተማል፣ ወገቧ ላይ በሽቦ ትሰፋለች። እዚያው ከተማ ያለ ዲጂታል ማተሚያ ቤት የአንዱን 95 ብር ይላል። በሐረጎ ቁልቁለት ወርደው የሚያገኙት የኮምቦልቻ ኦፍሴት ማተሚያ ቤት ደግሞ 52 ብር ይላል፤ ከሥሩ ግን ብዛቱ 1000 መሆኑን ጽፏል። (ብሮቹ ለስሌቱ የተወሰዱ ናቸው፤ የወረቀትና የቀለም ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የዛሬ ገበያ ዋጋ ተደርገው እንዳይታዩ።) ኮሚቴው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ኮምቦልቻ በግማሽ ያህል የረከሰ ይመስለዋል። እውነቱን ለማወቅ ግን 52ቱ ብር ምን ምን እንደያዘ መፍታት ያስፈልጋል።

ኦፍሴት ማሽን የሚያትመው በፕሌት ነው። ለእያንዳንዱ የወረቀት ፊትና ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ቀጭን የአሉሚኒየም ሰሌዳ ይዘጋጃል። ማሽኑ በኤ3 መጠን የሚሠራ ከሆነ አንድ ፕሌት የሚይዘው አራት የኤ5 ገጽ ነው፤ ስለዚህ 32ቱ ገጾች ስምንት ፕሌት ይፈልጋሉ። የሽፋኑ ውጫዊ ፊት ለአራቱ ቀለሞች አራት ፕሌት ይጨምራል፣ ድምሩ 12 ይሆናል። አንዱን ፕሌት በ900 ብር ብናስብ 10,800 ብር ነው። ከዚያ ማሽኑ ይታጠባል፣ ፕሌቱ ይታሰራል፣ ቀለሙና ውሃው እስኪመጣጠን፣ የሽፋኑም አራት ቀለሞች አንዱ በሌላው ላይ በትክክል እስኪያርፉ ድረስ ብዙ ወረቀት ይበላሻል። ለዚህ ሁሉ 4,200፣ ለጽሑፉ ገጽ ቅንብር 3,000 ብንይዝ፣ አንድም መጽሐፍ ሳይታተም 18,000 ብር ወጥቷል። ይህ ወጪ 100 ቅጂም ይታተም 5000 ያው ነው። በቅጂው ቁጥር ልክ የሚጨምረው ሌላው ወጪ ነው፦ ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ ማጠፉ፣ መስፋቱና መቁረጡ። እሱ 34 ብር ቢሆን 1000 ቅጂ 18,000 ሲደመር 34,000፣ ማለትም 52,000 ብር ይመጣል፤ ለአንዱ 52። የዲጂታል ማሽን ፕሌት አይፈልግም። ፋይሉ ከኮምፒውተር ቀጥታ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፤ ወጪው ከሞላ ጎደል በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ያረፈ ስለሆነ 95 ብሩ ከ50 ቅጂ ወደ 500 ሲኬድ ብዙም አይቀንስም። የገጽ ቅንብሩን ለብቻው የሚያስከፍል ዲጂታል ቤት ካለ እሱንም በመነሻነት መያዝ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፦ ማተሚያ ቤት ውስጣዊ ወጪውን ለደንበኛ ዘርዝሮ አይሰጥም። እውነት ነው፣ የመስጠት ግዴታም የለበትም። ደስ የሚለው ግን መጠየቅ አለማስፈለጉ ነው። ለዚያው ሥራ፣ በዚያው ወረቀት፣ የሁለት ብዛት ዋጋ ብቻ ይበቃል። የኮምቦልቻው ቤት ለ500 የአንዱን 70 ብር፣ ለ1000 ደግሞ 52 ብር ቢል፣ ጠቅላላው 35,000 እና 52,000 ነው። የ500 ቅጂ ልዩነት 17,000 ብር አስጨመረ ማለት ነው፤ ለ500 ሲካፈል እያንዳንዱ ተጨማሪ ቅጂ 34 ብር ይሆናል። 500 ቅጂ በ34 ሂሳብ 17,000 ነው፤ ይህን ከ35,000 ላይ ስንቀንስ የሚተርፈው 18,000 የመነሻ ወጪው ነው። ማተሚያ ቤቱ አንድም ምስጢር ሳያወጣ ኮሚቴው የሚያስፈልጉትን ሁለት ቁጥሮች አገኘ። የሦስተኛ ብዛት ዋጋ መጠየቅ ደግሞ ማጣሪያ ይሆናል። በዚህ ስሌት 2000 ቅጂ ለአንዱ 43 ብር ሊመጣ ይገባል። የተነገረው 41 ከሆነ ወረቀት በብዛት ሲገዛ የተገኘ ቅናሽ ሊሆን ይችላል። 50 ከሆነ ግን ሥራው ከአንድ መጠን በላይ ሲሆን የሚጨምር ወጪ አለ ማለት ነው፤ በእጅ የሚሠራ ማጠፍና መስፋት፣ ወይም ተጨማሪ ፈረቃ፤ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ ይነገራል።

ሁለቱ ቁጥሮች ከተገኙ በኋላ ሁለቱ ቤቶች የሚገናኙበትን ብዛት ማውጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዲጂታሉ በየቅጂው ከኦፍሴቱ 61 ብር ይበልጣል (95 ሲቀነስ 34)፤ ኦፍሴቱ ደግሞ 18,000 ብር ቀድሞ ያስወጣል። 18,000 ለ61 ሲካፈል 295 ይመጣል። ከ295 ቅጂ በታች ደሴ፣ ከዚያ በላይ ኮምቦልቻ ይረክሳል። እድሩ 250 አባላት ቢኖሩት ኖሮ ዲጂታሉ 23,750፣ ኦፍሴቱ 26,500 ብር ይሆን ነበር። ለ400 ግን ዲጂታሉ 38,000፣ ኦፍሴቱ 31,600 ነው፤ የኦፍሴቱ የአንድ ቅጂ ዋጋ 79 ብር። ኮሚቴው ለ400 ቅጂ መያዝ ያለበት ቁጥር ይህ 79 ነው፤ 52ቱ የሌላ ትዕዛዝ ዋጋ ነው።

ችግር የሚመጣው ኦፍሴቱ «ከ1000 በታች አልሠራም» ሲል ነው። ያኔ እድሩ 52,000 ብር ከፍሎ 400 አድሎ 600 መጽሐፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስገባል። ለአባላት እጅ የደረሰችው እያንዳንዷ መጽሐፍ 130 ብር ፈጀች ማለት ነው፤ «ውድ» ከተባለው ከደሴው 95 ብር በላይ። «የተረፈው ለሚቀጥሉት አባላት ይሆናል» የሚለው መልስ ተገቢ ነው፣ ግን እሱም ይለካል። 52,000 ለ95 ሲካፈል 547 ነው። ከ1000ው ውስጥ 548 እና ከዚያ በላይ በእርግጥ ሰው እጅ የሚገባ ከሆነ የኮምቦልቻው ዋጋ ያዋጣል፤ ካልሆነ አያዋጣም። ጥያቄው ስለዚህ ከማተሚያ ቤቱ ወደ እድሩ መዝገብ ይዞራል፦ በዓመት ስንት አዲስ አባል ይገባል? ደንቡስ ሳይሻሻል ስንት ዓመት ይቆያል? መዋጮ በጨመረ ቁጥር አንቀጽ የሚቀየርበት እድር የሦስት ዓመት ክምችት መያዝ የለበትም። በእኔ አስተያየት በህትመት ላይ ከሚባክነው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ የሚባክነው እዚህ ነው፣ በርካሽ የአንድ ቅጂ ዋጋ ተስቦ ከሚያስፈልገው በላይ በማዘዝ።

ሌላው ተቃውሞ ጥራትን የሚመለከት ነው፦ ሁለት ማተሚያ ቤቶች አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩምና በቁጥር ብቻ መወሰን አይቻልም። ይህ ትክክል ነው፤ ግን ስሌቱን አያፈርሰውም፣ ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ምን መስተካከል እንዳለበት ነው የሚናገረው። አንዱ 80 ግራም፣ ሌላው 70 ግራም ወረቀት አስቦ ከሆነ ቁጥሮቹ አይነጻጸሩም። ሽፋኑ ስንት ግራም እንደሆነና ላሚኔት መደረጉ፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ውስጥ መግባት አለመግባቱ፣ ናሙና ታይቶ መጽደቁ በዋጋ ጥያቄው ደብዳቤ ላይ ለሁሉም እኩል መጻፍ አለበት። የገጹ ቁጥርም በአራት የሚካፈል መሆን አለበት፤ ወገቧ ላይ የምትሰፋ መጽሐፍ 34 ገጽ ልትሆን አትችልም፣ ወይ 36 ትሆናለች ወይ ሁለት ገጽ ይቀነስላታል። መጓጓዣ ደግሞ ከመነሻ ወጪው ጋር ይደመራል። ኮምቦልቻ ቅርብ ስለሆነች ናሙና ለማየት መውረዱ ብዙ አይከብድም። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከአዲስ አበባ በዚያው ዋጋ ሲታዘዝ ግን ናሙና ለማጽደቅ የሚሄድ ሰው አበልና የጭነቱ ክፍያ በቀላሉ 6,000 ብር ቢደርስ፣ መነሻው 24,000 ሆኖ መገናኛው ብዛት ከ295 ወደ 393 ከፍ ይላል። ለ400 ቅጂ ትርፉ ያልቃል ማለት ይቻላል።

በደንበኛና በማተሚያ ቤት መካከል ብዙ ጊዜ ቅሬታ የሚያስነሳው ግን ድጋሚ ህትመት ነው። እድሩ 400 ቅጂ በ79 ብር አሳትሞ ከስድስት ወር በኋላ 100 ጨምሩልን ሲል ዋጋው 214 ብር ሊባል ይችላል፤ 18,000 መነሻ፣ 3,400 ለቅጂዎቹ። ደንበኛው ተጭበረበርኩ ይላል፤ ማተሚያ ቤቱም ሥራውን እንደ አዲስ ስለሚጀምረው ቁጥሩን በሐቅ አስቦት ሊሆን ይችላል። ፕሌቶቹ ሳይጫሩ ተቀምጠው ጽሑፉም ካልተቀየረ ግን የፕሌቱና የገጽ ቅንብሩ ወጪ ይቀራል፤ የማሽን ማዘጋጃው 4,200 እና የቅጂዎቹ 3,400 ተደምረው 7,600 ብር፣ ለአንዱ 76 ይመጣል። ዲጂታሉ ለዚያው 100 ቅጂ 9,500 ብር ይጠይቃል። አንድ አንቀጽ ብቻ ቢሻሻል እንኳ የሚለወጠው ያ ገጽ ያለበት ፕሌት ነው፤ 900 ብር ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ፕሌቶቹ የማን እንደሆኑ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጡ፣ የተስተካከለው የመጨረሻ ፋይል ለደንበኛው እንደሚሰጥ በመጀመሪያው ውል ላይ ከተጻፈ ነው። ካልተጻፈ ማተሚያ ቤቱ ያገለገሉ ፕሌቶችን እንደ ቁርጥራጭ አሉሚኒየም ሊሸጣቸው ይችላል፤ እድሩም የዛሬ ዓመት 100 ቅጂ ሲያስፈልገው 18,000ውን እንደገና ይከፍላል።