በዳማ የኋላ ረድፉን ማን ይጠብቅ?

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዛፍ ጥላ ሥርም ሆነ በየቤታችን በረንዳ ላይ ዳማ ለመጫወት ካርቶንና ቆርኪ ይበቃል። አንዱ ቆርኪውን በፊቱ ሌላው በጀርባው ይደረድራል። ከነርስነት ሥራዬ በጡረታ ከተገለልኩ ወዲህ ለልጅ ልጄ ዳማ የማስተማሩ ተራ የእኔ ሆኗል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። እሑድ እሑድ ከእሷ የሚበልጥ የጎረቤት ልጅ ትገጥማለች፤ ሁልጊዜም ቆርኪያቸው እኩል ሆኖ ሳለ በመጨረሻ ትሸነፋለች። አንድ ቀን፣ «አያቴ፣ አንድ በላሁ፣ አንድ ተበላሁ፤ ታዲያ ምን ጎደለብኝ?» አለችኝ።

የጎደለው የኋላ ረድፍ ጠባቂዋ ነው። እናንተም ከልጆቻችሁ ጋር እንድታዩት አንዱን ጨዋታ ላሳያችሁ።

ጥቁሩ ቤት በግራ እጃችሁ ጥግ እንዲሆን ሰሌዳውን አስቀምጡ። ጥቁሮቹን ቤቶች ብቻ ከእናንተ በኩል ጀምራችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ቁጠሩ። የእናንተ የኋላ ረድፍ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ይሆናል፤ የባላጋራችሁ ደግሞ 29፣ 30፣ 31፣ 32። ደንባችን መብላት ግዴታ ነው፤ የነገሠ ቆርኪም በሰያፍ የፈለገውን ያህል ይሄዳል።

የልጅ ልጄ ቆርኪዎች በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ17 ላይ ነበሩ። የልጁ በ9፣ በ15፣ በ30 እና በ32። አራት ለአራት ናቸው፤ ተራው የእሷ ነው።

እጇ የሄደው ወደ ልውውጡ ነበር። 6ን ወደ 11 ገፋች። የልጁ 15 የግድ በልቶ 6 ላይ አረፈ። የእሷም 2 የግድ እሱን በልቶ 11 ላይ ደረሰ። ሦስት ለሦስት ሆኑ፤ ምንም የጠፋ አይመስልም። ነገር ግን 2 ቁጥር ባዶ ቀርቷል። ልጁ 9ን ወደ 5 አወረደ፤ የሚበላው የለም። እሷ 17ን ወደ 21 ስታሻግር እሱ ከ5 ወደ 2 ገብቶ ነገሠ። ንጉሡ ከዚያው ሆኖ 11 ላይ ያለውን ቆርኪዋን ያነጣጥራል። የእሷ ሯጭ ለመንገሥ ገና ሁለት እርምጃ ይቀረዋል። ቆርኪዋን ብታሸሽ ሯጩ ይዘገያል፤ ሯጩን ብታስቀድም ቆርኪዋ ይበላል።

አሁን ሰሌዳውን እንደነበረ መልሱና ምንም ሳትበሉ 17ን ወደ 21 ውሰዱ። ልጁ ምን ያደርጋል? 9ን ወደ 5 ቢያወርድ የእናንተ 2 ይበላዋል። 15ን ወደ 11 ቢያመጣ 6 ይበላዋል። 30ን ወደ 26 ቢያንቀሳቅስ 21 በልቶት 30 ላይ ይነግሣል። 15ን ወደ 12 ቢያወርድም ከዚያ ወደ 7 ሲገባ 4 ይበላዋል፤ ወደ 8 ቢሄድ ደግሞ 4 በሩን ዘግቶበት ይቆማል። በነፃ የሚያንቀሳቅሰው ከኋላ ያሉትን ብቻ ነው። 32ን ወደ 28 ቢያመጣ እናንተ 25 ትደርሳላችሁ፤ በሚቀጥለው ተራ 29 ላይ ትነግሣላችሁ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የኋላ ረድፉን ለመጠበቅ አራቱም ቆርኪ አያስፈልግም። 2 እና 4 ብቻቸውን አንድ ብቸኛ አጥቂ ያቆማሉ። በ5 ወይም በ6 የመጣውን 2 ይበላዋል፣ በ7 የመጣውን 4 ይበላዋል፣ በ8 የመጣው መውጫ ያጣል። አራቱንም ከኋላ የሚያስቀር ልጅ ግን በስምንት ቆርኪ ብቻ ነው የሚዋጋው።

ይህ ጥበቃ ግን የሚፈርስበት ጊዜ አለ። አንደኛው፣ አጥቂዎቹ ሁለት ሆነው አንዱ ጠባቂው በልቶ የሚያርፍበትን ቤት፣ ለምሳሌ 11ን፣ ሲይዝ ነው። ያን ጊዜ በ6 ወይም በ7 የገባውን መብላት አይቻልም። ሁለተኛው፣ ሌላ የሚንቀሳቀስ ቆርኪ ሲያልቅ ነው። ተራ ማሳለፍ ስለማይቻል ጠባቂው ራሱ ይወጣል። በእኛ ጨዋታ 17 ላይ ያለው ሯጭ የጠቀመው ለዚህም ነው።

ልውውጥ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የልጅ ልጄ 3 ላይ አንድ ቆርኪ ቢኖራት ኖሮ፣ በ2 ፋንታ በ3 በልታ 10 ላይ ታርፍ ነበር። 2 እና 4 ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ የልጁም 9 ወደ 5 ቢወርድ ይበላል። ስለዚህ ልጁ ከመለዋወጡ በፊት፣ መልሶ የሚበላው የትኛው ቆርኪ እንደሆነ በጣቱ ያሳያችሁ። ጠባቂው ከሆነ፣ የባላጋራው ቅርብ ቆርኪ ለመንገሥ ስንት እርምጃ እንደቀረው፣ የራሱ ሯጭም ስንት እንደቀረው ይቁጠር። በእኛ ጨዋታ የልጁ ሁለት፣ የእሷ ሦስት ነበር፤ ከልውውጡ በኋላ የሚቀድመውም እሱ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ይህንኑ አቀማመጥ ደርድሩላቸው። መጀመሪያ በልውውጡ፣ ቀጥሎ በዝምተኛው እርምጃ ያጫውቷችሁ። ከዚያ ወንበር ተቀያየሩና ልጁ በባላጋራው በኩል ይቀመጥ፤ ከወዲያ ማዶ ሲታይ 2 ቁጥር ላይ የቆመው ቆርኪ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ራሱ ያገኘዋል።