ዩሪያ ከማሳ እስከ ሐይቅ

አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሰብል ግን በቀጥታ ሊመገበው አይችልም፤ ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች እጅግ አጥብቀው ተያይዘዋልና። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር ይህን ትስስር ሰብሮ ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር በማዋሃድ አሞኒያ ማምረት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1909 አሳየ፤ ካርል ቦሽም በ1913 ወደ ፋብሪካ አሸጋገረው። አሞኒያ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲዋሃድ ዩሪያ ይገኛል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን በመሆኑ፣ አንድ ኩንታል 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል።

ዩሪያ እርጥብ አፈር ላይ ሲወድቅ በቀናት ውስጥ ወደ አሞኒየም ይለወጣል። አሞኒየም አዎንታዊ ሙል አለው፤ የሸክላ አፈር ቅንጣቶች ደግሞ አሉታዊ ሙል ስላላቸው ስበው ይይዙታል። ቀጥሎ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትሬት በውሃ ሟሙቶ በቀላሉ ወደ ሥር ይደርሳል፤ ሰብሉም ፕሮቲንና አረንጓዴ ቀለም ይሠራበታል። ናይትሮጅን ሲያንሰው የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ቢጫ ይሆናሉ።

ችግሩም የሚነሣው ከዚሁ ከናይትሬት ነው። ሙሉ አሉታዊ ስለሆነ አፈሩ አይዘውም። ሥሩ ገና ትንሽ ሳለ ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ፣ ውሃው ናይትሬቱን ከሥሩ በታች አስርጎ ወይም በጎርፍ ጠርጎ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ሰብሉ ከአንዱ ኩንታል ግማሹን ብቻ ቢጠቀም 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይተርፋል። ከዚህ ከፊሉ በአፈር ውስጥ ይቀራል፣ ከፊሉ በጋዝ መልክ ወደ አየር ይወጣል፣ ሌላው ውሃ ውስጥ ይገባል። በኤንፒኤስ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ መንገዱ ሌላ ነው፤ ከአፈር ጋር ስለሚጣበቅ በዋናነት የሚሄደው አፈሩ ራሱ ሲሸረሸር ነው።

ሁለቱ ንጥረ ነገሮች ሐይቅ ሲደርሱ፣ ማሳ ላይ ሰብል እንደመገቡ ሁሉ ውሃ ውስጥ አልጌንና አረምን ይመግባሉ። አልጌው ሲሞት የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች በውሃው የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣም ይታፈናል። የጉማራ፣ የርብና የመገጭ ወንዞች በየክረምቱ ከእርሻ መሬት የተሸረሸረ አፈር ወደ ጣና ያስገባሉ። ይህ ደለል፣ ከከተማ ፍሳሽ ጋር ተዳምሮ፣ እንቦጭ አረም በሐይቁ ዳርቻ እንዲስፋፋ አግዟል።

ማዳበሪያ ከናካቴው ቢቀር ምርቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መፍትሔው መጠኑንና ጊዜውን ማስተካከል ነው። ዩሪያው በአንድ ጊዜ ከሚበተን ተከፋፍሎ፣ ገሚሱ በዘር ወቅት፣ የቀረው ሰብሉ ሥር ሰዶ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ቢሰጥ ናይትሬቱ ሥሩ ሊቀበለው በሚችልበት ጊዜ ይደርሳል። በአፈር መሸፈኑ በአሞኒያ ጋዝ የሚተነውን ይቀንሳል፤ ኃይለኛ ዝናብ ሊጥል ሲል አለመበተኑ በጎርፍ የሚሄደውን ያስቀራል። እርከንና በወንዝ ዳር የሚተው የሣር መከለያ ደግሞ ፎስፎረስ የተሸከመውን አፈር ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይይዙታል።